የቴኒስ ተጫዋቾችን ብቃት በኢሎ ስሌት መለካት፦ የሜዳውን ዓይነት ማካተትና የተዛባ ኦድ መለየት

ኖቫክ ጆኮቪች በ2022 የዊምብልደንን ዋንጫ ሲያነሳ የዓለም 3ኛ ነበር፤ ውድድሩ እንዳበቃ በወጣው ሠንጠረዥ ግን ወደ 7ኛ ወረደ። በዚያ ዓመት ዊምብልደን የሩሲያና የቤላሩስ ተጫዋቾችን ስላገደ የወንዶቹ ማኅበር ኤቲፒ ለውድድሩ ነጥብ እንዳይሰጥ ወሰነ። ጆኮቪች በ2021 በዚያው ሜዳ ያገኘው 2,000 ነጥብ ጊዜው አልፎበት ሲሰረዝ፣ በምትኩ የተተካለት ነገር አልነበረም። ይህ ለየት ያለ ዓመት ቢሆንም የይፋዊውን ደረጃ ተፈጥሮ በግልጽ ያሳያል። ደረጃው የሚቆጥረው ባለፉት 52 ሳምንታት ተጫዋቹ በየትኛው ውድድር እስከ የትኛው ዙር እንደደረሰ እንጂ ማንን አሸንፎ እንደደረሰ አይደለም፤ ጨዋታው በሣር ላይ ይሁን በቀይ አፈር ላይም አይለይም።

ለነገው ጨዋታ የማሸነፍ ዕድልን መገመት የሚፈልግ ሰው የሚያስፈልገው ሌላ ዓይነት መለኪያ ነው። ይህ መመሪያ የኢሎን ስሌት ለወንዶች ቴኒስ እንዴት መሥራት እንደሚቻል፣ የሜዳውን ዓይነት እንዴት ማስገባት እንደሚገባ፣ በመጨረሻም የስሌቱን ውጤት ከአወራራጆች ኦድ ጋር አነጻጽሮ በተሳሳተ ዋጋ የቀረበ ጨዋታን እንዴት መለየት እንደሚቻል ያስረዳል። ስሌቱን መሥራት ቀላሉ ክፍል ነው። ከባዱ ከገበያው የተለየ ቁጥር ሲገኝ የተሳሳተው ገበያው ነው ወይስ ስሌቱ የሚለውን መወሰን ስለሆነ ሰፊውን ቦታ የምሰጠው ለእርሱ ነው።

መሠረታዊው ስሌት

አርፓድ ኢሎ በአሜሪካ ይኖር የነበረ ትውልደ ሀንጋሪ የፊዚክስ መምህርና የቼዝ ተጫዋች ነበር። ዘዴውን የዓለም የቼዝ ፌዴሬሽን በ1970 ተቀብሎታል። ሐሳቡ እያንዳንዱ ተጫዋች አንድ የብቃት ቁጥር ይኑረው፣ የሁለት ተጫዋቾች ቁጥር ልዩነት ደግሞ የማሸነፍ ዕድላቸውን ይንገረን የሚል ነው።

```
E = 1 / (1 + 10^((R_b - R_a) / 400))
```

በዚህ ቀመር E የተጫዋች a የማሸነፍ ዕድል፣ R_a እና R_b ደግሞ የሁለቱ ተጫዋቾች ቁጥሮች ናቸው። በዚህም መሠረት ቁጥራቸው እኩል የሆኑ ሁለት ተጫዋቾች እያንዳንዳቸው 50 በመቶ ዕድል አላቸው። የ100 ነጥብ ልዩነት ለበላጩ 64 በመቶ ገደማ፣ የ200 ነጥብ ልዩነት 76 በመቶ ገደማ፣ የ400 ነጥብ ልዩነት ደግሞ 91 በመቶ ገደማ ይሰጣል። ከጨዋታው በኋላ አሸናፊው ነጥብ ይጨምራል፣ ተሸናፊው ይቀንሳል፤ መጠኑም የሚወሰነው ውጤቱ ምን ያህል ያልተጠበቀ እንደነበረ ነው። የ91 በመቶ ዕድል የነበረው ተጫዋች ቢያሸንፍ የሚያገኘው እፍኝ የማትሞላ ነጥብ ነው፤ ቢሸነፍ ግን ብዙ ያጣል።

የለውጡን ፍጥነት የሚወስነው K የሚባለው ቁጥር ነው። K ትልቅ ከሆነ ስሌቱ በእያንዳንዱ ውጤት ይናወጣል፤ ትንሽ ከሆነ ደግሞ አንድ ወጣት በጥቂት ወራት ሲለወጥ ሳያይ ይቀራል። ለቴኒስ ጥሩ መነሻ የሚሆነው ፋይቭሰርቲኤይት የተባለው የስታቲስቲክስ ድረ ገጽ የተጠቀመበት፣ ተጫዋቹ ብዙ ጨዋታ ባደረገ ቁጥር እየቀነሰ የሚሄደው K ነው፦

```
K = 250 / (n + 5)^0.4
```

እዚህ ላይ n ተጫዋቹ እስካሁን ያደረጋቸው ጨዋታዎች ብዛት ነው። ለጀማሪ K 131 ገደማ ይሆናል፤ ከ100 ጨዋታ በኋላ ወደ 39፣ ከ500 በኋላ ደግሞ ወደ 21 ይወርዳል። ስለ አዲስ ተጫዋች የምናውቀው ጥቂት ስለሆነ ቁጥሩ ቶሎ ወደ ቦታው እንዲደርስ ይፈቀድለታል፤ የአንጋፋው ግን በአንድ ሽንፈት አይፈርስም። እነዚህ 250፣ 5 እና 0.4 የተባሉ ቁጥሮች የተፈጥሮ ሕግ አይደሉም፤ በኋላ በራስዎ መረጃ ላይ ሊያስተካክሏቸው ይችላሉ። ይሁንና ከዚህ ቦታ ቢጀምሩ ብዙ አይርቁም።

መረጃውን ማዘጋጀት

ጄፍ ሳክማን በጊትሃብ ላይ tennis_atp በሚል ስም ያሰራጨው ስብስብ በየዓመቱ የተከፋፈለ የጨዋታ ዝርዝር ይዟል። ፈቃዱ ለንግድ ያልሆነ አጠቃቀምን የሚመለከት ስለሆነ ከመጀመርዎ በፊት ያንብቡት። ከዓምዶቹ ውስጥ ለእኛ የሚያስፈልጉት tourney_id፣ tourney_date፣ surface፣ tourney_level፣ winner_id፣ loser_id፣ score፣ best_of እና round ናቸው። የኦድ ታሪክ ደግሞ tennis-data.co.uk ላይ በኤክሴል ፋይል ይገኛል። በሁለቱ ምንጮች የተጫዋቾች ስም አጻጻፍ ይለያያል፤ አንደኛው ሙሉ ስም ሲሰጥ ሌላው "Nadal R." ብሎ ያሳጥራል። ሁለቱን ማገናኘት አሰልቺ የእጅ ሥራ ነው፤ በተለይ የአባት ስማቸውና የመጀመሪያ ፊደላቸው ተመሳሳይ የሆኑ ወንድማማቾች ሲኖሩ ጥንቃቄ ይፈልጋል።

በዚህ ደረጃ ስሌቱን በዝምታ የሚያበላሹ ሦስት ነገሮች አሉ። የመጀመሪያው ቅደም ተከተል ነው። tourney_date ጨዋታው የተካሄደበትን ቀን ሳይሆን ውድድሩ የጀመረበትን ቀን ይይዛል፤ ስለዚህ ግራንድ ስላም ከሚባሉት አራት ታላላቅ ውድድሮች የአንዱ የመጀመሪያ ዙርና የፍጻሜ ጨዋታ ተመሳሳይ ቀን ይታይባቸዋል። በቀን ብቻ ከደረደሩ የፍጻሜው ውጤት ከመጀመሪያው ዙር በፊት ሊሰላ ይችላል፤ ያኔ ስሌቱ የወደፊቱን አስቀድሞ ያውቃል። ውጤቱም ከእውነት የራቀ ውብ ትርፍ ነው። ስለዚህ በመጀመሪያ በውድድሩ ቀን፣ ቀጥሎ በውድድሩ መለያ፣ ከዚያም round ዓምድን ወደ ተራ ቁጥር ቀይረው በዙር ይደርድሩ።

ሁለተኛው ያልተጫወቱት ጨዋታዎች ናቸው። score ዓምድ ላይ W/O የሚል ካለ ተጋጣሚው ሜዳ ሳይገባ አልፎታል ማለት ስለሆነ መስመሩን ያስወግዱ። RET የሚለው ግን በጨዋታ መካከል ማቋረጥን ያመለክታል፤ እኔ አስቀምጠዋለሁ፣ K ግን በግማሽ እንዲሆን አደርጋለሁ፤ ምክንያቱም ከጨዋታው ክፍሎች አንዱን፣ ማለትም አንድ ሴት፣ ተሸንፎ በጉዳት የወጣ ተጫዋች ስለ ብቃቱ የነገረን ጥቂት ነው።

ሦስተኛው የታችኛው እርከን ነው። ዋናውን የኤቲፒ ፋይል ብቻ የሚጠቀም ሰው የቻሌንጀርና የማጣሪያ ጨዋታዎችን አያይም። በ2023 በቀይ አፈር ላይ በሚካሄደው የፈረንሳይ ኦፕን፣ በሮላን ጋሮስ፣ የመጀመሪያ ዙር 2ኛ ሆኖ የተመደበው ዳኒል ሜድቬዴቭ በዓለም 172ኛ በነበረው ብራዚላዊ ቲያጎ ሴይቦት ዊልድ በአምስት ሴት ተሸነፈ። ዊልድ ወደ ዋናው ውድድር የገባው በማጣሪያ ሲሆን በ2020 በሳንቲያጎ በቀይ አፈር ላይ የኤቲፒ ዋንጫ ያነሳ ተጫዋች ነበር። የማጣሪያውንና የቻሌንጀሩን ጨዋታዎች ያላካተተ ስሌት እንዲህ ያለውን ሰው የሚያውቀው በቆየ ቁጥር ነው። ስለዚህ atp_matches_qual_chall በሚል ስም የሚጀምሩትን ፋይሎችም ይጨምሩ። አለበለዚያ የተዛባ ኦድ ያገኙ የሚመስልዎት በአብዛኛው እርስዎ መረጃ በሌለዎት ተጫዋቾች ላይ ይሆናል።

የሜዳውን ዓይነት ማስገባት

ራፋኤል ናዳል በሮላን ጋሮስ 14 ዋንጫዎችን ሲያነሳ በዚያ ሜዳ 112 ጨዋታ አሸንፎ የተሸነፈው 4 ብቻ ነው። በዊምብልደን ሣር ላይ ያነሳው ዋንጫ ግን 2 ነው። በተቃራኒው ሜድቬዴቭ በ2021 የአሜሪካን ኦፕን በጠንካራ ሜዳ ሲያሸንፍ፣ ከ2017 እስከ 2020 ድረስ በሮላን ጋሮስ በተከታታይ አራት ዓመት ከመጀመሪያው ዙር አላለፈም ነበር። ቀይ አፈር ኳሱን ያዘገየዋል፣ ከፍ አድርጎም ያነጥረዋል። ሣር ኳሱ ዝቅ ብሎ በፍጥነት እንዲያልፍ ስለሚያደርግ ጠንካራ ሰርቭ ያለውን ይጠቅማል። ለእነዚህ ሁሉ አንድ ቁጥር መስጠት አማካይ ነገር ይናገራል።

በቀላሉ የሚታሰበው መፍትሔ ለእያንዳንዱ ሜዳ የተለየ ኢሎ ማስላት ነው። ችግሩ የመረጃ እጥረት ነው። የሣር ወቅት በዓመት ጥቂት ሳምንታት ብቻ ስለሚቆይ አንድ ተጫዋች በሣር የሚያደርጋቸው ጨዋታዎች በጣት የሚቆጠሩ ናቸው፤ በ2020 ደግሞ ዊምብልደን በወረርሽኙ ምክንያት ጨርሶ ተሰርዟል። በአምስት ጨዋታ ላይ የተመሠረተ የሣር ቁጥር ከዕድል ጨዋታ ብዙም አይለይም። ስለዚህ የሚሻለው ሁለቱን፣ ማለትም አጠቃላይ ቁጥሩንና የሜዳውን ቁጥር፣ ማዋሐድ ነው። ብዙዎች ግማሽ በግማሽ ያደርጉታል፤ ይህም መጥፎ አይደለም። እኔ የምመርጠው ግን የሜዳው ቁጥር ክብደት በሜዳው ላይ በተደረጉት ጨዋታዎች ብዛት እንዲያድግ ማድረግ ነው፦

```
w = n_s / (n_s + 60)
R = (1 - w) * R_all + w * R_surface
```

n_s ተጫዋቹ በዚያ ሜዳ ያደረጋቸው ጨዋታዎች ብዛት ነው። በሜዳው 3 ጊዜ ብቻ ለተጫወተ ሰው የሜዳው ቁጥር 5 በመቶ ገደማ ብቻ ይመዝናል፤ 60 ጊዜ ለተጫወተ ግማሽ ይሆናል። 60 የሚለውን በኋላ በፈተና ያስተካክሉታል።

የሜዳው ቁጥር ከየት ይጀምር የሚለው ጥያቄ ትንሽ ቢመስልም ዋጋ አለው። ሁሉም ከ1500 ቢጀምር በጠንካራ ሜዳ ያደገ ታላቅ ተጫዋች ለመጀመሪያ ጊዜ ሣር ላይ ሲወጣ እንደ ተራ ጀማሪ ይቆጠራል። ስለዚህ የሜዳው ቁጥር ተጫዋቹ በዚያን ቀን ካለው አጠቃላይ ቁጥር እንዲጀምር ያድርጉ። ሙሉ ስሌቱ በፓይተን ከዚህ አይበልጥም፦

```python
R, N = {}, {}

def get(p, s):
    base = R.get((p, "All"), 1500.0)
    return R.get((p, s), base), N.get((p, s), 0)

def expected(a, b):
    return 1 / (1 + 10 ** ((b - a) / 400))

def k(n):
    return 250 / (n + 5) ** 0.4

def blend(p, s, c=60):
    r_all, _ = get(p, "All")
    r_s, n = get(p, s)
    w = n / (n + c)
    return (1 - w) * r_all + w * r_s

probs = []
for m in matches.itertuples():
    w, l, s = m.winner_id, m.loser_id, m.surface
    probs.append(expected(blend(w, s), blend(l, s)))
    for key in (s, "All"):
        (rw, nw), (rl, nl) = get(w, key), get(l, key)
        e = expected(rw, rl)
        R[w, key] = rw + k(nw) * (1 - e)
        R[l, key] = rl - k(nl) * (1 - e)
        N[w, key], N[l, key] = nw + 1, nl + 1
```

በዚህ ውስጥ ሁለት ቦታዎችን ልብ ይበሉ። ግምቱ የሚመዘገበው ቁጥሮቹ ከመለወጣቸው በፊት ነው፤ ተራው ቢገለበጥ ስሌቱ መልሱን አይቶ ይገምታል። እንዲሁም በመጨረሻው የ for ዑደት ውስጥ የሜዳው ቁጥር ከአጠቃላዩ ቀድሞ ይሰላል፤ አለበለዚያ ለመጀመሪያ ጊዜ በሜዳው የሚጫወት ሰው መነሻው የዚያኑ ጨዋታ ውጤት ያካተተ ይሆንና ውጤቱ ሁለት ጊዜ ይቆጠራል። የ RET ቅነሳውን ኮዱን ለማሳጠር ስል ትቼዋለሁ።

surface ዓምድ ሸካራ ምደባ መሆኑንም ማወቅ ይገባል። የማድሪድና የሮም ውድድሮች ሁለቱም በቀይ አፈር ይመደባሉ፤ ማድሪድ ግን ከባሕር ጠለል በላይ 650 ሜትር ገደማ ላይ ስለሆነች ኳሱ በአየር ውስጥ ፈጥኖ ይሄዳል። ማድሪድ በ2012 በሰማያዊ አፈር ላይ ተጫውታ ናዳልና ጆኮቪች ሜዳው ያንሸራትታል ብለው ሲያማርሩ እንኳ በመረጃው ላይ ምድቡ ያው "Clay" ነው። በጣሪያ ሥር ያለ ጠንካራ ሜዳና በሜዳ ላይ ነፋስ የሚነፍስበት ጠንካራ ሜዳም እንዲሁ አይመሳሰሉም። ይሁን እንጂ ምድቡን በቀጠነ ቁጥር በየምድቡ የሚቀረው ጨዋታ ስለሚያንስ በሦስቱ ዋና ምድቦች መጀመር ይሻላል። "Carpet" የሚለው ከ2009 በኋላ በኤቲፒ ዋና ውድድሮች ስለጠፋ በእነዚያ ውድድሮች አዲስ ጨዋታዎች ላይ ችግር አይፈጥርም።

አምስት ሴትና ሦስት ሴት

በግራንድ ስላም ወንዶች እስከ አምስት ሴት ይጫወታሉ፤ በሌሎቹ እስከ ሦስት። ጨዋታው በረዘመ ቁጥር የተሻለው ተጫዋች የማሸነፍ ዕድሉ ይጨምራል። አብዛኛው መረጃ ከሦስት ሴት ጨዋታ ስለሚመጣ ስሌቱ የሰጠውን ዕድል እንደ ሦስት ሴት ዕድል ቆጥረን ለግራንድ ስላም እንለውጠዋለን። አንድ ሴት የማሸነፍ ዕድል s ቢሆን፦

```
P3 = s^2 * (3 - 2s)
P5 = s^3 * (10 - 15s + 6s^2)
```

P3ን የሚያስገኘውን s ኮምፒዩተሩ በሙከራ ይፈልገዋል፣ ከዚያ P5 ይሰላል። ለምሳሌ s 0.60 ሲሆን የሦስት ሴት ዕድሉ 64.8 በመቶ፣ የአምስት ሴት ዕድሉ 68.3 በመቶ ይሆናል። ይህን ማስተካከያ የረሳ ሰው በየግራንድ ስላሙ ደካሞቹ ሁሉ ረክሰው የቀረቡ ይመስለዋል።

ስሌቱን መፈተን

መረጃውን በጊዜ ይከፋፍሉ። የመጀመሪያዎቹ ዓመታት ቁጥሮቹ እንዲረጋጉ ብቻ ያገለግላሉ፤ ቀጣዮቹ K እና 60 የተባሉትን ለማስተካከል፤ የመጨረሻዎቹ ሁለት ወይም ሦስት ዓመታት ደግሞ ሁሉም ነገር ካለቀ በኋላ አንድ ጊዜ ብቻ ለመፈተን ይቀመጣሉ። መለኪያው ሎግ ሎስ ይሁን፤ ይኸውም ለአሸናፊው የተሰጠው ዕድል የተፈጥሮ ሎጋሪዝም አማካይ ሲሆን ምልክቱ ተቀይሮ ይነበባል። ሁሉንም ጨዋታ 50 በመቶ ብሎ የሚገምት ሰው 0.693 ያገኛል፤ ካነሰ ይሻላል። ስንት ጨዋታ በትክክል ተገመተ የሚለው መቶኛ ለእኛ ዓላማ አይበቃም፤ ምክንያቱም 55 በመቶ ማለትና 85 በመቶ ማለት በዚያ መለኪያ እኩል ናቸው፣ በኦድ ፊት ግን የሰማይና የምድር ያህል ይራራቃሉ።

ቀጥሎ ስሌቱ 70 በመቶ ገደማ ዕድል የሰጣቸውን ጨዋታዎች ሁሉ ሰብስበው ዕድሉ የተሰጣቸው ተጫዋቾች በእርግጥ 70 በመቶ ያህሉን አሸንፈው እንደሆነ ይመልከቱ፤ ለ60 እና ለ80ም እንዲሁ ያድርጉ። ይህን በየሜዳው ለየብቻ ይሥሩት። በሣር ላይ 80 በመቶ የተባሉት 73 ብቻ ቢያሸንፉ፣ ስሌቱ በሣር ላይ ከመጠን በላይ እርግጠኛ ነው ማለት ነው፤ የሣሩን ልዩነት መጨቆን ወይም 60ን ከፍ ማድረግ ያስፈልጋል።

የመጨረሻው ፈተና ከባዱ ነው። በዚያው ጨዋታዎች ላይ የመዝጊያ ኦዱ፣ ማለትም ጨዋታው ሊጀመር ሲል የነበረው የመጨረሻ ኦድ፣ የሚሰጠውን ዕድል ሎግ ሎስ ያሰሉና ከራስዎ ጋር ያስተያዩ። የእርስዎ ከገበያው ይሻላል የሚል ውጤት ከመጣ ደስታውን ለጊዜው ያቆዩትና የጨዋታዎቹን ቅደም ተከተል እንደገና ይመርምሩ። ኢሎ የሚያየው ማን ማንን እንዳሸነፈ ብቻ ነው። ገበያው የትከሻ ጉዳትን፣ ትናንት አራት ሰዓት የፈጀውን ጨዋታና የልምምድ ወሬን ጭምር ያያል፤ ስለዚህ በአጠቃላይ መሸነፍዎ የሚጠበቅ ነው።

ከኦድ ወደ ዕድል፣ አንድ ጨዋታ በዝርዝር

በሮም በቀይ አፈር የሚደረግ፣ እስከ ሦስት ሴት የሚሄድ ጨዋታ አለ እንበል፤ ቁጥሮቹ ለማሳያ የተመረጡ ናቸው። ተጫዋች ሀ የጠንካራ ሜዳ ሰው ነው፦ አጠቃላይ ቁጥሩ 1950፣ የቀይ አፈር ቁጥሩ 1780፣ በቀይ አፈር ያደረገው 30 ጨዋታ። ተጫዋች ለ የአፈር ሰው ነው፦ አጠቃላይ 1800፣ የቀይ አፈር 1850፣ በቀይ አፈር 120 ጨዋታ።

አጠቃላዩን ብቻ ብናይ ሀ በ150 ነጥብ ይበልጣልና ዕድሉ 70 በመቶ ነው። የአፈሩን ብቻ ብናይ በ70 ነጥብ ያንሳልና ዕድሉ 40 በመቶ ነው። ሲዋሐድ የሀ የሜዳ ክብደት 30 ሲካፈል ለ90፣ ማለትም አንድ ሦስተኛ ስለሚሆን ቁጥሩ 1893 ይወጣል። የለ ክብደት 120 ሲካፈል ለ180፣ ማለትም ሁለት ሦስተኛ ስለሆነ ቁጥሩ 1833 ይሆናል። የ60 ነጥብ ልዩነት ለሀ 58.5 በመቶ፣ ለለ 41.5 በመቶ ይሰጣል።

አወራራጁ ለሀ 1.50፣ ለለ 2.70 አቅርቧል። አንድን ለኦዱ ስናካፍል 66.7 እና 37.0 በመቶ እናገኛለን፤ ድምሩ 103.7 ነው። ከ100 የተረፈው 3.7 የአወራራጁ ትርፍ ነው። ትርፉን በተመጣጣኝ ብናወጣው የለ ዕድል 35.7 በመቶ ይሆናል። ነገር ግን በቴኒስ አወራራጆች ከትርፋቸው የበለጠውን ድርሻ በደካማው ላይ የመጫን ልማድ ስላላቸው፣ ሁለቱን ዕድሎች ድምራቸው 1 እስኪሆን ድረስ በአንድ ኃይል ከፍ ማድረግ ይሻላል፤ እዚህ ኃይሉ 1.06 ገደማ ሲሆን የለ ዕድል ወደ 34.9 በመቶ ይወርዳል።

የስሌታችንን 41.5 በመቶ እንደ እውነት ከወሰድን፣ በ2.70 ማባዛት 1.12 ይሰጣል፤ ይህ ማለት በመቶ ብር 12 ብር የሚጠበቅ ትርፍ ነው። አብዛኛው ሰው እዚህ ላይ ያቆምና ይወራረዳል። ስህተቱም ይኸው ነው። በፈተናው ገበያው ከእኛ የተሻለ ገማች መሆኑን አይተናል፤ ስለዚህ የሁለቱ ልዩነት አብዛኛው የእኛ ስህተት እንደሆነ መገመት አለበት። ትክክለኛው መንገድ በማስተካከያ ዓመታቱ መረጃ ላይ የእኛንና የገበያውን ግምት በሎጂስቲክ ሪግረሽን አንድ ላይ አስገብቶ የየራሳቸውን ክብደት ማግኘት ነው። የእኛ ክብደት 25 በመቶ፣ የገበያው 75 በመቶ ሆነ እንበል። በቀላል አማካይ የለ ዕድል 36.5 በመቶ ይሆናል፤ በ2.70 ሲባዛ 0.99። የ12 በመቶው ትርፍ ጠፍቶ ትንሽ ኪሳራ ሆነ።

ሌላ አወራራጅ ለዚያው ተጫዋች 2.85 ቢያቀርብ ግን ውጤቱ 1.04 ይሆናል፤ ያ ሊታሰብበት ይችላል። ከተሻለ ስሌት ይልቅ ዋጋዎችን በብዙ ቦታ ማወዳደር የበለጠ የሚያስገኝባቸው ጊዜያት እንዳሉ ብዙ መመሪያዎች አይናገሩም። የሚወራረዱበት ድርጅት ተጫዋች ጨዋታ ሲያቋርጥ ምን እንደሚያደርግም ይወቁ፤ አንዳንዱ ውርርዱን ሰርዞ ገንዘቡን ይመልሳል፣ አንዳንዱ አንድ ሴት ካለቀ ይከፍላል።

ለ ቢያሸንፍ ቁጥሮቹ እንዴት ይለወጣሉ? በአፈር ስሌት ለ 120 ጨዋታ ስላለው K 36 ገደማ ነው፤ የተጠበቀለት 60 በመቶ ስለነበር 14 ነጥብ ተኩል ያህል ያገኛል። ሀ ግን 30 ጨዋታ ብቻ ስላለው K 60 ነው፤ 24 ነጥብ ያጣል። የተገኘውና የጠፋው እኩል አለመሆኑ ስህተት አይደለም፤ ስለ ሀ የአፈር ብቃት የምናውቀው ጥቂት ስለሆነ አዲሱ ማስረጃ በእርሱ ላይ የበለጠ ይመዝናል።

ልዩነቱ እውነተኛ የሚሆንባቸውና የማይሆንባቸው ጨዋታዎች

ስሌቱ ከገበያው በጣም ሲለያይ በመጀመሪያ የሚጠየቀው ገበያው የሚያውቀው፣ ስሌቱ የማያውቀው ነገር አለ ወይ የሚለው ነው። ከረጅም ጉዳት የተመለሰ ተጫዋች በኢሎ ላይ ከመጎዳቱ በፊት የነበረውን ቁጥር እንደያዘ ይቀመጣል። ለዚህ ከሦስት ወር በላይ ለጠፋ ሰው ለተወሰኑ ጨዋታዎች K ከፍ ማድረግና በእነዚያ ጨዋታዎች ላይ አለመወራረድ ቀላሉ መፍትሔ ነው። የኤቲፒ ውድድሮች በ2020 ከመጋቢት እስከ ነሐሴ ተቋርጠው ስለነበር በዚያ ዓመት ይህ ሕግ ለሁሉም ተጫዋች ይሠራል። ከዚህ ሌላ ከ30 በታች ጨዋታ ያለው ተጫዋች ያለበትን ማንኛውንም ጨዋታ ይለፉት።

ልዩነቱ የተሻለ ተስፋ የሚኖረው ወቅቱ ከአንድ ሜዳ ወደ ሌላ በሚሻገርባቸው የመጀመሪያ ሳምንታት፣ በአነስተኛ ውድድሮች የመጀመሪያ ዙሮች ላይ ነው ብዬ አስባለሁ። በጠንካራ ሜዳ ላይ ባለፈው ወር ጥሩ የተጫወተ ሰው ስሙ ገና እንደሞቀ ወደ አፈር ሲመጣ፣ የሜዳው ታሪኩ በዋጋው ላይ በሙሉ ላይንጸባረቅ ይችላል። በግራንድ ስላም ግማሽ ፍጻሜ ላይ ግን ብዙ ገንዘብና ብዙ ዓይን ስለሚያርፍ እንዲህ ያለ ክፍተት መፈለግ ጊዜ ማባከን ነው። ይህን ግምቴን እንደ ሕግ አይውሰዱት፤ በራስዎ የማስተካከያ ዓመታት ላይ የእርስዎ ክብደት በእነዚህ ጨዋታዎች ለብቻው ሲሰላ ከ25 በመቶ ከፍ ይል እንደሆነ ይፈትኑት።

በእውነተኛ ገንዘብ ከመጀመርዎ በፊት በወረቀት ላይ ይመዝግቡ፦ ውሳኔውን የወሰኑበት ሰዓት፣ የወሰዱት ኦድ፣ የስሌቱ ዕድል፣ የተዋሐደው ዕድል፣ በመጨረሻም የመዝጊያው ኦድ። በ2.00 አካባቢ ባሉ ኦዶች ላይ ከ500 ውርርድ በኋላ እንኳ የትርፍ መቶኛዎ በዕድል ብቻ ወደ 4.5 በመቶ ገደማ ወዲያና ወዲህ ሊወዛወዝ ይችላል። እውነተኛ የ3 በመቶ ብልጫን ከዕድል ለመለየት 4,400 ያህል ውርርድ ያስፈልጋል። የመዝጊያው ኦድ ግን ቶሎ ይናገራል። በ2.85 የወሰዱት ጨዋታ ሲጀመር 2.65 ላይ ከተዘጋ፣ ለ ቢሸነፍም ቢያሸንፍም ገበያው ወደ እርስዎ ግምት መጥቷል። በተደጋጋሚ የሚሆነው ግን 2.85 ወስደው 3.10 ላይ መዘጋት ከሆነ ስሌቱ የማያየውን ነገር ሌሎች እያዩ ነው ማለት ነው፤ መዝገቡን በሜዳ ዓይነትና በዙር ከፋፍለው ይህ የሚደጋገምበትን ምድብ ያግኙና በዚያ ምድብ ላይ የስሌትዎን ክብደት ወደ ዜሮ ያውርዱት።